ስህተቱ አንዴ ይቆጠር

ለተጊዮርጊስ ፊዚክስ ታስተምራለች። እኔ ሰቆጣ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከእሷ ጋር በአንድ ግቢ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስሜ ቢያዝን ነው፤ ታሪኩ ግን የእሷ ነው።

ቀጠን፣ ረዘም ያለች ሴት ናት። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «አይሆንም» ማለት ሲኖርባትም በዚያው ለስለስ ባለ ድምጿ ነው የምትለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አይመልሳትም። የተወለደችው ጋዝጊብላ ገጠር ነው። እቤታቸው የሚነገረው ኽምጣና ስለነበር አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ ለመደች፤ እንግሊዝኛን ደግሞ በአማርኛ በኩል ተማረች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ስለ ተማሪነቷ ጠይቄያት እንዲህ አለችኝ፦

«ሁልጊዜ የምወድቀው የጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ላይ ነበር። ሒሳቡን አውቀዋለሁ። የማላውቀው አንዲት ቃል ናት። እሷን ከሳትኩ ከሥር ያለው ሁሉ ተያይዞ ይበላሻል። መምህሩም ከላይ እስከ ታች በቀይ ይሰርዝልኛል። ከዚያ ሁሉ ቀይ ውስጥ የትኛውን እንደማላውቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ይህን ያለችው እንደ ቀልድ ነበር። በሰኔ የሆነውን ካየሁ በኋላ ግን ቀልድ እንዳልነበረ ገባኝ።

የአስራ አንደኛ ክፍል የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አልቆ መምህራን እርማት ላይ ነበርን። የፊዚክሱን ፈተና ያወጣው የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ጋሽ አጥናፉ ነው። ጋሽ አጥናፉ ጸጉሩ የሸበተ፣ ግማሹን የሰቆጣ ሹፌርና ነርስ ያስተማረ፣ የተከበረ ሰው ነው። ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ይቆልፋል። ለሁሉም ክፍሎች አንድ ፈተና አውጥቶ፣ አንድ የማረሚያ መልስ አዘጋጅቶ ለመምህራኑ አድሏል።

ክርክሩ የተነሳበት ጥያቄ ስለ ባጃጅ ነበር። ባጃጇ ከነሰዎቿ አራት መቶ ኪሎ ናት። ከቆመችበት ስትነሳ ሞተሯ በስድስት መቶ ኒውተን ወደፊት ይገፋታል፤ መንገዱ ደግሞ በሁለት መቶ ኒውተን ወደ ኋላ ይይዛታል። ጥያቄው አራት ክፍል አለው። ኤ፣ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በስንት ይጨምራል? ቢ፣ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ፍጥነቷ ስንት ይሆናል? ሲ፣ በነዚያ አሥር ሰከንዶች ምን ያህል ርቀት ትሄዳለች? ዲ፣ በመጨረሻ የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋ ስንት ነው? እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ማርክ ይይዛል።

ፊዚክስ ለማያውቅ ሰውም ነገሩ ግልጽ ነው። ከሚገፋው ስድስት መቶ ላይ የሚይዘው ሁለት መቶ ሲቀነስ አራት መቶ ይቀራል። እሱ ለአራት መቶ ኪሎ ሲካፈል አንድ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በአንድ ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፤ ከአሥር ሰከንድ በኋላ አሥር ይደርሳል፤ ርቀቱ ሃምሳ ሜትር፣ ኢነርጂው ሃያ ሺህ ጁል ይሆናል። ኤን ያላገኘ ሰው ወደ ቢ መሻገሪያ የለውም። ኤን የሳተ ደግሞ ስህተቱን ተሸክሞ እስከ ዲ ይወርዳል።

ይታየሽ የምትባል ከደሃና የመጣች ተማሪ የሳተችው ኤን ነበር። ሁለት መቶውን አልቀነሰችም። ስድስት መቶውን ለአራት መቶ አካፍላ አንድ ነጥብ አምስት አገኘች። ከዚያ በኋላ ምንም አልሳተችም። ቢ ላይ አሥራ አምስት፣ ሲ ላይ ሰባ አምስት ሜትር፣ ዲ ላይ አርባ አምስት ሺህ ጁል። ቀመሮቹ ሁሉ ትክክል፣ ስሌቱ ሁሉ ትክክል ነበር።

በማረሚያው መልስ መሠረት ግን ያገኘችው ዜሮ ነው። አንዱም ቁጥሯ ከጋሽ አጥናፉ ቁጥር ጋር አይገጥምም።

ለተጊዮርጊስ ዜሮ አልሰጠቻትም። ለኤ ቀመሩን በትክክል ስለጻፈች አንድ ማርክ፣ ለቢ፣ ለሲና ለዲ ሙሉ ማርክ፣ በጠቅላላው አሥር ሰጠቻት። ጋሽ አጥናፉ ደግሞ የሁሉንም መምህር እርማት መልሶ ያያል። ወረቀቱን ሲያይ ቆም አለ።

«ለተ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የይታየሽ ወረቀት ነው፣ ጋሽ አጥናፉ።»

«የማን እንደሆነማ አየሁት። ሰባ አምስት ሜትር የሚል መልስ አለ ወይ እኔ በሰጠሁሽ ወረቀት ላይ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማርኩ ከየት መጣ?»

«ከሠራችው ሥራ። የተሳሳተችው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ኤ ላይ ቀጥቻታለሁ። ለዚያው ጥፋት አራት ጊዜ አልቀጣትም።»

ጋሽ አጥናፉ መነጽሩን አወለቀ። ተናዶ አልነበረም፤ የሚያምንበትን ለማስረዳት እንደሚዘጋጅ ሰው ነበር። «ስሚኝ ልጄ» አላት። «ነገ ይህች ልጅ መሐንዲስ ትሆናለች እንበል። መጀመሪያ ላይ አንድ ቁጥር ትስታለች፤ የቀረውን ሁሉ አሳምራ ትሠራለች። ድልድዩ አይፈርስም ወይ? ወንዙ የቀረውን አሳምራ ሠርታለች ብሎ ይምራታል? ስህተት ስህተት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያረምኩት እንዲህ ነው።»

«ድልድዩ ይፈርሳል» አለች ለተጊዮርጊስ። «እኛ ግን ድልድይ እየተረከብን አይደለም፤ ልጅ እያስተማርን ነው። የሰጠኋት ማርክ ድልድዩ ቆሟል አይልም። ይህን ታውቃለች፣ ይህን አታውቅም ነው የሚለው። ዜሮ ብሰጣት ባዶ ወረቀት ካስረከበ ልጅ ጋር እኩል ትሆናለች። ይህ ደግሞ ውሸት ነው። ውሸት አልጽፍም።»

በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ቀይ እስክሪብቷችንን አስቀመጥን። ለጋሽ አጥናፉ «ውሸት» የሚል ቃል ሲሰነዘር ሰምተን አናውቅም ነበር።

ጋሽ አጥናፉ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ ስብሰባ ይጠራ» አለና ወጣ።

ስብሰባው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዋሴ ስለ ፈተና እርማት ሁሉም መስማት አለበት ብሎ የሌሎች ትምህርት ክፍል መምህራንንም ጠራ። ጋሽ አጥናፉ ሐሳቡን አስረዳ፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለተጊዮርጊስ ተነሳች። በእጇ ሁለት ወረቀት ይዛለች። የተማሪ ስም ሳትጠራ የመጀመሪያውን አሳየችን፤ የይታየሽ ነበር። ሁለተኛውን ስታነሳ ግን እንዲህ አለች፦

«የዚህን ስም እናገራለሁ፤ ለዝምድና የማደላ እንዳይመስላችሁ ነው። ይህ የወንድሜ ልጅ የምሳው ወረቀት ነው። እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ያረሙት ጋሽ አጥናፉ ናቸው፤ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኝ ሰጥተውታል።»

ከዚያ ምሳው የሠራውን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ልጁ ኤ ላይ ቀመሩን ሳይጽፍ የቁጥሮቹን ቦታ አዛውሮ ከሁለት መቶ ላይ ስድስት መቶ ቀንሷል። መልሱም ነጋቲቭ አንድ ሆነ። እንዲህ ከሆነ ወደ ፊት የምትገፋው ባጃጅ ወደ ኋላ ትሄዳለች ማለት ነው። ቢ ላይ ሲደርስ ነጋቲቭ አሥር መምጣት ነበረበት። እሱ ግን የነጋቲቯን ምልክት ያለ አንዳች ማብራሪያ ጥሎ አሥር ብሎ ጻፈ። በዚያው ቁጥር ሲን ሃምሳ፣ ዲን ሃያ ሺህ አደረገ።

«የመጨረሻ ቁጥሮቹ ከማረሚያው ጋር ይገጥማሉ» አለች። «ስለዚህ በጋሽ አጥናፉ አስተራረም ለቢ ሙሉ ማርክ አግኝቷል። ኤ ላይ የጻፈው ግን ወደ ቢ አያደርስም። ነጋቲቭ አንድ ይዞ የተነሳ ሰው አሥር ላይ አይደርስም። ባጃጇ ወደ ኋላ ስትሄድበት ወደ ኤ ተመልሶ ምን አጠፋሁ ማለት ነበረበት። ምልክቷን ሰርዞ አለፈ። የልጅቷ አንድ ነጥብ አምስት ግን ምንም አያስደነግጥም፤ ባጃጅ እንደዚያ ልትነሳ ትችላለች፤ ተመለሽ የሚላት ነገር አልነበረም። እሷ ስህተቷን በሐቅ ተሸክማ ወረደች። እሱ ስህተቱን ሸሸገ። በዚህ ቤት ግን ዘጠኝ ያገኘው እሱ ነው፤ ዜሮ ያገኘችው እሷ ናት።»

አቶ ዋሴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ምን ትያለሽ ታዲያ? ለወንድምሽ ልጅ ስንት ይሰጠው?»

«ስድስት። ለኤና ለቢ ዜሮ። ሲና ዲ ግን ቢ ላይ ካስቀመጠው አሥር በትክክል የተሠሩ ናቸው፤ እነሱን አልነካበትም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ስህተት በተሠራበት ቦታ አንዴ ይቆጠር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተማሪው ራሱ ካገኘው ቁጥር ተነስቶ ይመዘን።»

ከዚያ ሌላ ነገር አደረገች። በሰሌዳው ባዶ ቦታ ላይ «የፍጥነት ጭማሪ አንድ ነጥብ አምስት ነው፤ ክብደቱ አራት መቶ ኪሎ» ብላ ጻፈችና የሒሳብ አስተማሪዋን ፍቅርአዲስን «ቢን፣ ሲንና ዲን ሥሪልኝ» አለቻት። ፍቅርአዲስ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች በቃሏ ሠራቻቸው። «አሥራ አምስት። ሰባ አምስት። አርባ አምስት ሺህ።»

«ዜሮ» አለች ለተጊዮርጊስ። «ፍቅርአዲስ ከዘጠኝ ዜሮ አገኘች።»

አንዳንዶቻችን ሳቅን። ጋሽ አጥናፉ አልሳቀም። «ፍቅርአዲስ የተሰጣትን ነው የሠራችው። ልጅቷ ግን የሰጠችው ለራሷ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ይህም ነጥብ ነበረው። ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው ሰው ከእሱ ጋር ቆመ። የከበደን ክርክሩ አልነበረም፤ ጋሽ አጥናፉን በአደባባይ መቃወሙ ነበር። እኔ እጄን ለለተጊዮርጊስ አወጣሁ፤ ፍቅርአዲስም እንዲሁ። ከእኛ ሌላ እጅ ያወጣ ግን ብዙ አልነበረም።

አቶ ዋሴ «በቃ፣ በማረሚያው መልስ ይታረም፤ ሮስተሩም ይፈረም» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ሮስተር የሚባለው የሁሉም ተማሪ ውጤት የሚሞላበት ሰፊ ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ መምህር ከትምህርቱ ሥር ይፈርማል። የለተጊዮርጊስ ተራ ሲደርስ እስክሪብቶውን አላነሳችም።

«አልፈርምም።»

«ሥራ መበደል ነው» አላት አቶ ዋሴ። «ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ።»

«ይጻፉ። ማስጠንቀቂያውን ተቀብዬ እፈርማለሁ። ሮስተሩ ላይ ግን አልፈርምም።»

ማስጠንቀቂያው ተጻፈ። እንዳለችውም እሱ ላይ ፈረመች። ሮስተሩ ላይ በእሷ ቦታ ጋሽ አጥናፉ ፈረመ።

በዚያን ቀን እቤቷ የተቀበላት ምሳው ነው። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ለመውጣት ሲፎካከር የነበረ ነው። ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ «አክስቴ፣ የእኔን ወረቀት ነው ያሳየሽው?» አላት።

«አዎ።»

«የራስሽን ሰው!»

«የራሴ ሰው ስለሆንክ ነው ያሳየሁት። ለምንድነው ነጋቲቯን የሰረዝካት?»

«ፍጥነት ነጋቲቭ አይሆንም ብዬ።»

«ባጃጅ ወደ ኋላ አይሄድም?»

«ይሄዳል። ወደፊት እየተገፋ ግን... ወደ ኋላ አይሄድም።»

«ይህንን ካወቅህ መመለስ ነበረብህ። መልሱ እየጮኸብህ ጆሮህን ደፈንክ። እኔ የማዝነው በማርኩ አይደለም።»

ምሳው ለሁለት ቀን አላናገራትም። ይህን የነገረችኝ እሷው ራሷ ናት፤ ስትነግረኝ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

በሮስተሩ መሠረት ይታየሽ ፊዚክስን ወደቀች። በሌሎች ሁለት ትምህርቶችም ቀድማ ወድቃ ስለነበር ይህ ሦስተኛ ሆነና «ትደግማለች» ተብሎ ተለጠፈ። እናቷ ታማ በነበረ ጊዜ ለብዙ ሳምንት ከደሃና አልተመለሰችም ነበር፤ ያ ጎድቷታል። ውጤቱን አይታ ወደ ለተጊዮርጊስ መጣች። መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ቲቸር፣ ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት» አለች።

«ወዴት?»

«ያክስቴ ልጅ ወደ ሳዑዲ በጅቡቲ በኩል ልትወጣ ነው። ዓመቱን ከምትደግሚ አብረሽ ሂጂ ብለውኛል እቤት።»

ለተጊዮርጊስ ወንበር ሳበችላት። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ...» ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ቀላ ብሎ ነበር፤ ግን አላለቀሰችም። «እኔማ ዜሮ አይገባኝም ነው የምለው። ወረቀቴን አይቼዋለሁ። ቢን ሠርቻለሁ። ሲን ሠርቻለሁ። ዲን ሠርቻለሁ። ባልሠራ ኖሮ እሄድ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።»

«ለመሆኑ ሁለት መቶዋን ለምን ተውሻት?»

«በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቃል አላወቅኩትም። መንገዱ የሚይዘውን ክፍል ውስጥ የምንለው ‹ፍሪክሽን› ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው ሌላ ቃል ነው። ቁጥሩ የምን እንደሆነ ስላልገባኝ ተውኩት።»

ለተጊዮርጊስ «ማንኛውም ተማሪ ውጤቱ እንደገና ይታይልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው» አለቻት። «ጠይቂ። እኔ ግን አልጠይቅልሽም፤ እኔ የምለውን ብያለሁ፣ አልሰሙኝም። አንቺ ሂጂ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስለ እናትሽም ስለ ሳዑዲም አንድ ቃል እንዳትናገሪ።»

«ለምን?»

«ካዘኑልሽ ምጽዋት ይሆናል። የሠራሽውን ነው የምትጠይቂው፤ የሠራሽውን ይዘሽ ግቢ።»

ይታየሽ ጥያቄዋን አቀረበች። አቶ ዋሴ ሥርዓቱ ስለሚያስገድደው ሦስት ሰው መደበ፤ ፍቅርአዲስን፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ የሆነውን አንዷለምንና እኔን። እኔን የመረጠኝ ፊዚክስ ስለማላውቅ ይመስለኛል፤ ምንም አልናገርም ብሎ አስቦ ይሆናል። ጋሽ አጥናፉ የፈተናው ባለቤት ስለሆነ እንዲገኝ ተጠራ። ለተጊዮርጊስ አልተጠራችም። ግቢው ውስጥ፣ ከክፍሉ በር ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ አልተነሳችም።

ይታየሽ ስትገባ ሰላምታ ሰጠችና ሰሌዳው አጠገብ ቆመች። አንዷለም ጠየቃት፦ «ኤ ላይ ተሳስተሻል። ታውቂያለሽ?»

«አዎ። መንገዱ የሚይዘውን አልቀነስኩም።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከማንም አልሰማሁም። ከፈተናው ስወጣ ቃሉን መጽሐፍ ላይ ፈለግኩት።»

«ከቀነስሽስ?»

ጠመኔውን አነሳች። ፈጥና ጻፈች። አራት መቶ ለአራት መቶ፣ አንድ። አሥር። ሃምሳ። ሃያ ሺህ። ጽፋ ስትጨርስ ግን ጠመኔውን አላስቀመጠችም። ከጎኑ የቀድሞውን መስመር ጻፈችው። አንድ ነጥብ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ ሰባ አምስት፣ አርባ አምስት ሺህ።

«መንገዱ አንድ ነው» አለች በሁለቱ መካከል በጣቷ እያሳየች። «የተነሳሁበት ነው የተለየው። መንገዱን አላውቅም ከተባልኩ እቀበላለሁ። አውቃለሁ ከተባልኩ ግን ማርኬን ስጡኝ።»

ጋሽ አጥናፉ ከተቀመጠበት ተናገራት። «ልጄ፣ ዛሬማ መልሱን አውቀሽ መጥተሽ ነው። ፈተና የሚለካው ያን ቀን የሠራሽውን ነው።»

«ያን ቀን የሠራሁት እኮ እዚያ ወረቀት ላይ አለ፣ ቲቸር። ዛሬ የጨመርኩት ኤን ብቻ ነው። ለኤ ማርክ አልጠየቅኩም።»

እዚህ ላይ እኔ ተናገርኩ። ፊዚክስ ባላውቅም ካርታ አውቃለሁ። «ጋሽ አጥናፉ፣ እኔ ተማሪዎቼን ከሰቆጣ ተነስታችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ከዚያ አንድ ወደ ምሥራቅ ሂዱ ብላቸው፣ አንዱ መነሻውን ስቶ ከሌላ ከተማ ቢነሳ፣ መድረሻው ይሳሳታል። ደቡብና ምሥራቅን አያውቅም ብዬ ግን አልጽፍም።»

ጋሽ አጥናፉ አየኝ። ከዚያ የልጅቷን ሁለት መስመሮች ሲያይ ቆየና «የትኛው ቃል ነው ያልገባሽ?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። «ይህ ቃል መጽሐፉ ላይ አለ» አለ። «አዎ፣ ሌላ ምዕራፍ ላይ አለ» አለች። «እኛ እዚያ አልደረስንም።»

ሦስታችን ብቻችንን ስንቀር ብዙ አልተከራከርንም። አንዷለም በስብሰባው ላይ ለጋሽ አጥናፉ እጁን ካወጡት አንዱ ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ «ይህችን ልጅ ቢ ላይ ምን አጠፋሽ ብትሏት ምን ትላለች? እኔም የምነግራት የለኝም» አለ። አሥር ሰጠናት። ፊዚክስን ወደቀች የተባለችው ልጅ አለፈች፤ የወደቀችባቸው ትምህርቶች ሁለት ብቻ ስለሆኑም ወደ አሥራ ሁለተኛ ተዛወረች። የምሳውንም ወረቀት እንድናይ ለተጊዮርጊስ በጽሑፍ ስለጠየቀች አየነው፤ ስድስት ሆነ። ልጁ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ።

ውሳኔው ሲነገር ከክፍሉ መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ለተጊዮርጊስ ልብሷ በስብሶ፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። «አሥር» አልኳት። ብድግ አለች። ፈገግ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የሌሎቹስ?» አለችኝ።

«የምን ሌሎች?»

«ኤ ላይ የሳተችው እሷ ብቻ ትመስልሃለች? በሁሉም ክፍል አሉ። መጥተው መጠየቅ ያልደፈሩ። እነሱም ይታዩ።»

ያን ዕለት ከሰዓት አቶ ዋሴ ቢሮ ገብታ ይህንኑ ጠየቀች። አቶ ዋሴ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ሁሉንም ወረቀት? አንቺ ሴትዮ ክረምቱን እዚህ ልናሳልፍ ነው?»

«እኔ አሳልፋለሁ» አለችው። «ወረቀቶቹን ያስወጡልኝ እንጂ ብቻዬን እሠራዋለሁ።»

ብቻዋን አልሠራችውም። ፍቅርአዲስ አብራት ተቀመጠች፤ እኔም ቁጥር እየደመርኩ ረዳሁ። ውጤታቸው የተለወጠ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከፍ ያለም፣ እንደ ምሳው ዝቅ ያለም። ዝቅ ካሉት የአንዱ አባት መጥቶ በቁጣ ጮኸባት፤ የልጁን ወረቀት ዘርግታ ቢ ከኤ እንደማይመጣ አንድ በአንድ አሳየችው። ሰውየው እየተነጫነጨ ሄደ።

ዋጋውን አልከፈለችም አይባልም። ማስጠንቀቂያው ከማህደሯ አልተነሳም። በአዲሱ ዓመት የአሥራ አንደኛንና የአሥራ ሁለተኛን ክፍል ተነጥቃ ዘጠነኛ ክፍል ተሰጣት። ለእኔ የመሰለኝ ቅጣት ነበር፤ ነገርኳት።

«ይሁን» አለች። «ዘጠነኛ ከተሰጠኝ ከዘጠነኛ እጀምራለሁ። የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር አብረን እናነባለን። ቃል በቃል።»

እንዳለችው አደረገች። በክፍሏ በኩል ሳልፍ ተማሪዎቿ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አማርኛውንም ኽምጣናውንም እየቀላቀሉ ሲጨቃጨቁባት እሰማለሁ።

ጋሽ አጥናፉ ተሸነፍኩ አላለም። ከለተጊዮርጊስም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረውም። የሚቀጥለው የመንፈቅ ፈተና ሲመጣ ግን ወረቀቱ በእጄ ገባና አነበብኩት። ባለ አራት ክፍል ጥያቄ አለው። በኤ ሥር፣ በደማቅ ጽሑፍ፣ «ኤን መሥራት ያልቻልክ ተማሪ ለቢ፣ ለሲና ለዲ ይህን ቁጥር ተጠቀም» የሚል አለ። የተሰጠው ቁጥርም የኤ ትክክለኛ መልስ አይደለም፤ ኤን እንዳያጋልጥ ሆን ብሎ ለውጦታል። ወስጄ ለለተጊዮርጊስ አሳየኋት።

ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ጥሩ ነው» አለች። «በጣም ጥሩ ነው። አልሠራልኝም ብሎ ለሚያውቀው ልጅ። ግን የሠራለት መስሎት የሳተውስ? እሱ ይህን ቁጥር አይጠቀምም፤ የራሱን ይዞ ነው የሚወርደው። ለእሱ ምን ተጻፈ በማረሚያው ላይ?»

«አላየሁም» አልኳት።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ጋሽ አጥናፉ ቢሮ አቀናች። በሩን አንኳኩታ፣ ግቢ እስክትባልም ሳትጠብቅ፣ ገባች።